የአባቴ ክሬያቲኒን የግፊት መድሃኒት ከጀመረ በኋላ ጨመረ፣ ያቁመው ወይስ ይቀጥል?

ሚኪ 27
ሰላም ናችሁ። አባቴ 58 አመቱ ነው፣ ግፊት እንዳለበት ያወቅነው በቅርቡ ነው፣ ሲለካ 168/98 ነበር፣ ከዛ ደም እና ሽንት ሲመረመር ኩላሊት ማስወጣት ያለበት ቆሻሻ ነው የሚሉት ክሬያቲኒን 1.4፣ ጂኤፍአር የሚሉት የኩላሊት የማጣራት አቅም 58፣ ሽንቱ ላይ ደግሞ ፕሮቲን አለ ተባለ፣ ወረቀቱ ላይ አልቡሚን 620 ይላል። ስኳር የለበትም። ኢናላፕሪል 10 እና አምሎዲፒን 5 ታዘዘለት። ከ3 ሳምንት በኋላ ስንመለስ ግፊቱ 138/84 ወርዷል፣ ደስ ብሎን ነበር፣ ግን ክሬያቲኒኑ 1.7 ሆኖ ጂኤፍአሩ 46 ገባ። ፖታሲየም 4.9። ዶክተሯ "ይቀጥል፣ እንደውም የላይኛውን ከ130 በታች ማውረድ አለብን" አለች፣ ሰው ስለበዛባት ብዙ አላስረዳችንም። አባቴ ደግሞ "መድሃኒቱ ኩላሊቴን እየጨረሰው ነው" ብሎ ኢናላፕሪሉን ሊተወው ነው። እኔም እውነቱን ለመናገር ግራ ገብቶኛል፣ ኩላሊት ለማዳን የተሰጠ መድሃኒት እንዴት የኩላሊት ቁጥር ያበላሻል? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ጥላሁን ቲ
ወንድሜ አስቁመው!! የአጎቴ ጉዳይ በትክክል እንደዚህ ነበር፣ ኢናላፕሪል ከጀመረ በኋላ ክሬያቲኒኑ ከ2 ወደ 5 ሄደ፣ ሲያቆም ተመለሰለት። አምሎዲፒኑ ብቻውን ይበቃዋል፣ እሱ ኩላሊት አይነካም። ግፊቱ እስከወረደ ድረስ በየትኛው መድሃኒት ወረደ የሚለው ምን ለውጥ ያመጣል?

ውስጥ ደዌ ነኝ
ሚኪ፣ አባትህን ስላላየሁት የሐኪማችሁን ቦታ አልወስድም፣ ግን የጠየቅከው ጥያቄ በየሳምንቱ ስለሚገጥመኝ ትንሽ ላስረዳህ፣ ጥላሁን ላይም አንድ ሁለት ነገር አለኝ።

እያንዳንዷ የኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባ ቀጭን ቧንቧ እና የሚያስወጣ ቧንቧ አላት። አንጂዮቴንሲን የሚባለው ሆርሞን በተለይ መውጫዋን ያጠባታል፣ መውጫዋ ሲጠብ ውስጥ ያለው ደም ይታመቃል፣ ማጣሪያዋም በግድ ብዙ ታጣራለች። ላብ ላይ ስታየው ቁጥሩ ያምራል፣ ውስጧ ግን በዛ ግፊት እየተለጠጠች፣ ፕሮቲን እያሾለከች፣ ቀስ በቀስ ጠባሳ እየሆነች ነው። ኢናላፕሪል መውጫዋን ይከፍታታል። ውስጥ ያለው ግፊት ይተነፍሳል፣ የሚጣራው መጠን ትንሽ ይቀንሳል፣ ክሬያቲኒን ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ያያችሁት ጭማሪ መድሃኒቱ ስራውን ሲሰራ የሚታይ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ጉዳት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሊሆን ይችላል ያልኩት ልክ ስላለው ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት መስመር 30 ፐርሰንት ነው። የአባትህ ከ1.4 ወደ 1.7 ነው፣ ጭማሪው 0.3፣ ለ1.4 ሲካፈል 21 ፐርሰንት አካባቢ ይመጣል። ፖታሲየሙም ከ5.5 በታች ነው። ስለዚህ ዶክተሯ "ይቀጥል" ያለችው ዝም ብላ አይደለም።

የጥላሁን አጎት ከ2 ወደ 5 መሄዱ ግን ፍፁም ሌላ ታሪክ ነው። እንደዛ ሲዘል ወይ ወደ ኩላሊት የሚገባው ትልቁ የደም ስር ጠቧል፣ ወይ ሰውየው በትውከት በተቅማጥ ፈሳሽ አልቆበታል፣ ወይ ሌላ መድሃኒት ተደርቦበታል፣ እና ማስቆማቸው ትክክል ነበር። አባትህ ላይ ግን ያንን ምክር መገልበጥ አይሰራም።

ጥላሁን ቲ
እሺ ዶክ፣ ግን 58 የነበረ ሰው 46 ሲገባ 12 ነጥብ ጠፋ ማለት አይደለም እንዴ? ተመልሶ የሚመጣ ነገር ነው?

ውስጥ ደዌ ነኝ
ብዙውን ጊዜ መድሃኒቱ ቢቆም ይመለሳል፣ ችግሩ የታመቀው ግፊትም አብሮ መመለሱ ነው። ለምሳሌ ያህል እናስላው፣ የአባቱን ትንበያ እየነገርኳችሁ አይደለም፣ ቁጥሩ ለማሳያ ነው። ፕሮቲን የሚያፈስ፣ ግፊቱ ያልተያዘ ኩላሊት በአመት 5 ያህል ነጥብ ያጣል እንበል። ከ58 ተነስቶ በ4 አመት 38 ይገባል። በመድሃኒቱ መጀመሪያ ላይ 12 አጥቶ 46 ላይ የገባው ሰው ደግሞ ከዛ በኋላ በአመት 2 ብቻ ቢያጣ እሱም በ4 አመት 38 ላይ ነው። እዛ ላይ ይገናኛሉ። ከ10 አመት በኋላ ግን አንደኛው 8 ላይ ነው፣ ማለትም ዲያሊሲስ ላይ፣ ሌላው 26 ላይ ቆሞ በእግሩ ክትትል ይመጣል። የመጀመሪያውን ወር ብቻ ያየ ሰው ግን አንደኛው የተሻለ ይመስለዋል።

ደግሞ "አምሎዲፒን ብቻውን ይበቃል" ያልከው ላይ፣ አምሎዲፒን ጥሩ መድሃኒት ነው፣ እኔም በየቀኑ አዛለሁ፣ ግን በዋናነት የሚከፍተው መግቢያዋን ነው። ክንድ ላይ የተለካው ግፊት ወርዶ ማጣሪያዋ ውስጥ ያለው ብዙም ላይቀንስ ይችላል። አስክ የሚባለው ጥናት በግፊት ምክንያት ኩላሊታቸው በተጎዳ 1094 ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ራሚፕሪልን (የኢናላፕሪል ዘመድ ነው) ከአምሎዲፒን ጋር አወዳድሮ ነበር፣ አምሎዲፒን የሚወስደው ቡድን ኩላሊቱ በተለይ ፕሮቲን በነበራቸው ላይ ስለባሰ ያንን ክፍል ከጊዜው በፊት አቁመውታል። ስለዚህ በየትኛው ወረደ የሚለው ለውጥ ያመጣል፣ በተለይ ሽንት ላይ ፕሮቲን ላለበት ሰው። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ግን ምንም ችግር የለውም፣ የአባትህም እንደዛ ነው።

ብሩኬ ዘ ሰፈር
ኩላሊት ላለበት ሰው ዋናው ውሃ ነው ጓደኞቼ፣ እኔ ጠጠር ነበረብኝ በቀን 4 ሊትር እየጠጣሁ ነው የወጣልኝ። አባትህ ውሃ ይጠጣል?

ሲስተር መሲ
ብሩኬ ወንድሜ እሱ ጠጠር ነው፣ ይሄ ግፊት ነው 😅 ውሃ ማብዛት የተጎዳ ማጣሪያ አይመልስም፣ ሰውየው ሲጠማው ይጠጣ። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ላይማ 4 ሊትር እግር ማሳበጥ እና ሳንባ ላይ ውሃ ማጠራቀም ነው፣ ዲያሊሲስ ክፍል ስለምሰራ እንደዛ ሆነው የሚመጡትን አያለሁ።

ሚኪ 27
በጣም አመሰግናለሁ ዶክተር። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ግፊቱ ነው ኩላሊቱን የጎዳው ወይስ ኩላሊቱ ነው ግፊቱን ያመጣው? አንዱ ሐኪም "ከግፊት የመጣ ነው" አለን ሌላው ደግሞ "ግፊቱ ከኩላሊት ሊሆን ይችላል" አለን፣ ተጣልተው ነው ወይስ ሁለቱም ልክ ናቸው?

ውስጥ ደዌ ነኝ
ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የትኛው እንደቀደመ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ሲደርሱ ነገሩ ክብ ሆኗል።

ከግፊቱ በኩል ጀምር። ጤነኛ ኩላሊት የሰውነት ግፊት ሲጨምር መግቢያ ቧንቧውን አጥብቦ ማጣሪያዎቹን ይከላከላል። ግፊቱ አመታት ሲቆይ ግን እነዚህ ቧንቧዎች ግድግዳቸው ወፍሮ ይደርቃል፣ መጥበብና መስፋት ያቅታቸዋል። ያኔ ከልብ የመጣው ግፊት ሳይቀነስ ቀጥታ ማጣሪያው ውስጥ ይገባል። የተወሰኑት ማጣሪያዎች ይሞታሉ። የተቀሩት ደግሞ የሞቱትን ስራ ይወስዳሉ፣ አስር ሰው የሚሸከመውን እቃ ስድስት ሰው ሲያነሳው እንደማለት ነው፣ ለጊዜው እቃው ይሄዳል፣ ተሸካሚዎቹ ግን ወገባቸው ይቆረጣል። ክሬያቲኒን ለረጅም ጊዜ ደህና የሚመስለው ለዚህ ነው፣ ግማሽ ያህሉ ስራ እስኪጠፋ ድረስ ብዙም ላይናገር ይችላል።

አሁን ከኩላሊቱ በኩል ና። ደሙ በጠበቡ ቧንቧዎች በደንብ ያልደረሰው የኩላሊት ክፍል "ግፊት አንሶኛል" ብሎ ሬኒን ይለቃል። ሰውየው 170 ላይ ሆኖ ኩላሊቱ ግን አንሶኛል ይላል! ሬኒን አንጂዮቴንሲንን ያመጣል፣ እሱ የሰውነቱን የደም ስሮች ያጠባል፣ ጨው እንዲያዝ ያደርጋል፣ መውጫ ቧንቧዋንም ያጠባል። በዛ ላይ የቀሩት ጥቂት ማጣሪያዎች ጨውን በደንብ ማስወጣት አይችሉም። ግፊቱ ይጨምራል፣ የጨመረው ግፊት የቀሩትን ማጣሪያዎች ይመታል፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ጎልድብላት የሚባል ሰው በ1934 የውሾችን የኩላሊት ደም ስር በከፊል ቆንጥጦ ግፊታቸው ሲጨምር አሳይቷል።

ለአንተ ጉዳይ የሚጠቅመው፣ ክቡን ለመስበር መጀመሪያውን ማወቅ የግድ አይደለም። በእርግጥ ሐኪሟ ሌላ የኩላሊት በሽታ እንደሌለ ማጣራት አለባት፣ 620 አልቡሚን ለንፁህ የግፊት ጉዳት ትንሽ በዛ ይላል፣ እሱን ጠይቃት። አልትራሳውንድ ተሰርቶለታል?

ሚኪ 27
ተሰርቷል፣ ሁለቱም ኩላሊት እኩል ናቸው ትንሽ ነጭ ብለዋል ነው የሚለው። የኩላሊት ስፔሻሊስት ጋም ሪፈር ተፅፎለታል፣ ቀጠሮው ገና ነው።

ኤልያስ ፊት
ግፊቱን በተመለከተ ግን ለምን 130 ላይ ትቆማላችሁ? የ2021 ኬዲጎ ጋይድላይን ኩላሊት ላለበት ሰው ከ120 በታች ነው የሚለው፣ ስፕሪንት ጥናትም 120 ያደረጉት ሰዎች ሞት ቀንሶላቸዋል። እኔ ራሴ ቤት ውስጥ እየለካሁ ሶስተኛ መድሃኒት እንዲጨመርልኝ ጠይቄ አሁን 112 ላይ ነኝ። ዝቅ ባለ ቁጥር የተሻለ ነው፣ ብዙ ሐኪሞች አፕዴት አያደርጉም።

ውስጥ ደዌ ነኝ
ኤልያስ ያነበብከው ትክክል ነው፣ የዘለልከው ግን ዋናውን ነው። በስፕሪንት ጊዜ ግፊት የተለካው ሰውየው ወንበር ላይ ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ነክቶ፣ ሳያወራ 5 ደቂቃ ካረፈ በኋላ በማሽን ሶስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ተወስዶ ነው። ኬዲጎም 120 ሲል በዚህ አይነት የተለካውን ነው፣ በችኮላ የተለካ ላይ አትጠቀሙበት ብሎ ራሱ ያስጠነቅቃል። ደረጃ ወጥቶ፣ ሽንቱን ይዞ፣ እያወራ የተለካ ሰው 135 ቢያሳይ በዚያኛው አለካክ 125 ሊሆን ይችላል። ያንን 135 በመድሃኒት 120 ስር ልታስገባው ስትሞክር ሰውየውን ትጥለዋለህ።

ሌላው፣ ስፕሪንት ስኳር ያለባቸውን እና በቀን ከ1 ግራም በላይ ፕሮቲን የሚያፈሱትን አላስገባም። ትርፉም በልብ እና በሞት ላይ ነው የታየው፣ ኩላሊትን ከመድከም አዳነ የሚለውን አላሳየም። ለኩላሊቱ ራሱ ጠበቅ ያለ ግብ የጠቀመው ፕሮቲን ለሚያፈሱት ነው፣ አስክ ውስጥም በኋላ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲከታተሏቸው እንደዛው ነው የወጣው፣ ፕሮቲን የሌላቸው ላይ ብዙ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ "ግቡ ስንት ነው" ከማለትህ በፊት "ሽንቱ ምን ይላል" ብለህ ጠይቅ። የሚኪ አባት 620 ስላለው ከ130/80 በታች መሄዱ በግልፅ ይጠቅመዋል፣ ከዛ ወደ 120 ይጠጋ አይጠጋ የሚለው በአቅሙ እና በአለካኩ ይወሰናል። እዚህ ላይ እኛ ሐኪሞችም አንስማማም፣ የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ 130/80 ላይ ነው ያለው።

ኤልያስ ፊት
የአለካኩን አልተቃወምኩም። ግን ለልብ ከጠቀመ ለምን ይከለከላል? ኩላሊት ያለበት ሰው ብዙው የሚሞተው በልብ ነው እኮ፣ ዲያሊሲስ ሳይደርስ።

ውስጥ ደዌ ነኝ
እሱ እውነት ነው፣ አልከለከልኩም። ሰውየው ሲነሳ ካላዞረው፣ ፖታሲየሙ እና ክሬያቲኒኑ እየታየለት ከሆነ ይሂድ። ያንተን 112 ግን ቆመህም ለካው።

አስቴር የናቷ ልጅ
ስለማዞር ካነሳችሁ እኔም ልጠይቅ፣ እናቴ 81 አመቷ ነው፣ ጂኤፍአሯ 39፣ ፕሮቲን የለባትም። ግፊቷን 118 ላይ አድርገውላት ነበር፣ ከዛ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። አሁን አንዱን መድሃኒት ቀንሰውላት 136 ላይ ናት፣ አልወደቀችም ግን እኔ ኩላሊቷ ይጎዳል ብዬ እየፈራሁ ነው።

ሲስተር መሲ
አስትዬ፣ ተኝታ ከዛ ቆማ ከ1 እና ከ3 ደቂቃ በኋላ ለክታችሁላታል? የላይኛው 20 እና ከዛ በላይ ከወረደ ችግሩ እሱ ነው። በዛ እድሜ ዳሌ መሰበር ከ136 በላይ ያስፈራኛል እኔን።

ውስጥ ደዌ ነኝ
ከሲስተር ጋር ነኝ። ፕሮቲን ከሌለባት ከ118 ወደ 136 መሄዱ ለኩላሊቷ ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም። ከ140 በላይ እየቆየ ከሄደ ግን ሐኪሟ ጋ ተመለሱ።

ሲስተር መሲ
ሚኪ እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አባትህ ከነዚህ ሁለቱ ውጪ ምን ይወስዳል? የህመም ማስታገሻ? ሰው ሁልጊዜ "ምንም" ይላል፣ ቦርሳው ሲታይ ግን ይገኛል።

ሚኪ 27
ምንም አይወስድም ልል ነበር 😂 ግን ሄጄ ጠየቅኩት። ለጉልበቱ ዲክሎፌናክ ይወስዳል፣ ከፋርማሲ ራሱ ገዝቶ፣ "ሲያመኝ ብቻ ነው" ይላል፣ እናቴ ግን በየቀኑ ነው አለች። ለሐኪሟ አልነገረም፣ "የግፊት መድሃኒት ነው የጠየቀችኝ" ይላል።

ሲስተር መሲ
በሉ ተገኘ።

ውስጥ ደዌ ነኝ
ሲስተር እግዜር ይስጥሽ፣ እኔ ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረብኝ ነው።

ሚኪ፣ ቅድም መግቢያና መውጫ ያልኩህን አስታውስ። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን እና መሰሎቻቸው መግቢያዋን ክፍት የሚያደርገውን ነገር ያግዱታል፣ መግቢያዋ ይጠባል። ኢናላፕሪል ደግሞ መውጫዋን ከፍቷል። የሚገባው አነሰ፣ የሚወጣው ቀለለ፣ ስለዚህ ማጣሪያዋ ከሚፈለገው በላይ ግፊት አጣች። በዛ ላይ ዲክሎፌናክ ጨውና ውሃ ያስይዛል፣ ግፊቱን ራሱ ይጨምራል፣ ፖታሲየምም ከፍ ያደርጋል። ከ1.4 ወደ 1.7 ከሄደው ምን ያህሉ የሱ እንደሆነ አሁን መናገር አልችልም። ዲክሎፌናኩን ይተው፣ ኢናላፕሪሉን አይተው፣ ለጉልበቱ ፓራሲታሞል በልኩ ይችላል ወይም የሚቀባ ነገር ሐኪሟን ይጠይቅ። ዛሬውኑ ግን ለሐኪሟ ንገሯት፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ክሬያቲኒን እና ፖታሲየም ይደገም። እስከዛ ኃይለኛ ትውከት ወይ ተቅማጥ ከያዘው ሳይቆይ ይደውልላት፣ ኢናላፕሪሉን ለጥቂት ቀን ልታሳርፈው ትችላለች።

ሚኪ 27
ሐኪሟን አግኝተናት "ጥሩ አደረጋችሁ የነገራችሁኝ" አለች፣ ዲክሎፌናኩን አስቆመችው። አሁን ደግሞ አባቴ አምሎዲፒኑ እግሬን አሳበጠኝ እያለ ነው፣ አንዱን ሳሸንፍ አንዱ ይመጣል።

ውስጥ ደዌ ነኝ
እሱ የታወቀ ነው፣ ፈሳሽ ስለበዛ አይደለም የሚያብጠው፣ የደም ስር ስለሰፋ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከኢናላፕሪል ጋር ሲሆን ይቀላል። በየጊዜው እየባሰ ከሄደ ወይም ፊቱ ጠዋት ካበጠ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ይታይ።

ሚኪ 27
አፕዴት ለጠየቃችሁኝ። በሁለተኛው ሳምንት የተደገመው ክሬያቲኒን 1.5፣ ፖታሲየም 4.6። ግፊቱን ጠዋትና ማታ አርፎ ስንለካው አማካዩ 132/81 ነው፣ ዶክተሯ ኢናላፕሪሉን ወደ 20 ከፍ አደረገችው እና ክሬያቲኒኑን እንደገና እናያለን አለች። ሽንቱ ከ3 ወር በኋላ ተደግሞ 620 የነበረው 310 ሆነ። የኩላሊት ስፔሻሊስቱም አይቶታል፣ ለጊዜው ከኩላሊቱ ናሙና መውሰድ አያስፈልግም፣ ፕሮቲኑ መውረዱን ካላቆመ እንዲሁ እንከታተል አለ። ጥላሁን አሁንም አስቁመው ትላለህ? 😀

ጥላሁን ቲ
ኧረ ይቀጥል 😀 ግን አጎቴ አሁን ጂኤፍአሩ 19 ነው፣ እሱ እንደገና ይጀምር ወይስ አይጀምር ማንም አልነገረኝም።

ውስጥ ደዌ ነኝ
እሱ ከባድ ጥያቄ ነው። በ2022 የእንግሊዝ አንድ ጥናት ጂኤፍአራቸው ከ30 በታች የወረደ 411 ሰዎች ላይ እንደ ኢናላፕሪል ያሉትን መድሃኒቶች ማቆም ኩላሊቱን አላሻሻለም ብሏል፣ ግን እሱ እየወሰዱ የነበሩት ላይ ነው። እንደ አጎትህ ከ2 ወደ 5 የዘለለበት ሰው ላይ መጀመሪያ ያ ዝላይ ለምን እንደመጣ መታወቅ አለበት፣ የኩላሊት ደም ስሩ በዶፕለር ታይቶ ያውቃል?

ጥላሁን ቲ
አይመስለኝም። እጠይቀዋለሁ።

ኑርዬ
ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ፣ ጨው ለመቀነስ ብለን "ዝቅተኛ ሶዲየም" የሚለውን ጨው ገዝተናል፣ ባለቤቴ ሎሳርታን ትወስዳለች ጂኤፍአሯ 41 ነው፣ ይሄኛው ጨው ይሻላታል አይደል?

ሲስተር መሲ
ኑርዬ እቃው ላይ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚል ካለ ለሷ አትስጣት፣ ሎሳርታንም ፖታሲየም ያስይዛል ኩላሊቷም በደንብ አያስወጣም። ተራውን ጨው ቀንሱት፣ በቀን በጠቅላላ ከ5 ግራም በታች፣ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። ለመሆኑ ፖታሲየሟ መቼ ነው የታየው?

ኑርዬ
አምና።

ሲስተር መሲ
ነገ ላብ ውሰዳት።